ዜሮን የማይነካው ድርሻ

አንድ ዳቦ ለ x ሰዎች እኩል ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ 1/x ነው። ለ10 ሰው 0.1፣ ለ1000 ሰው 0.001 ይደርሳል። ሰው በበዛ ቁጥር ድርሻው ያንሳል፤ ዜሮ ግን ከቶ አይሆንም፤ 1ን ለየትኛውም ቁጥር ብናካፍለው ዜሮ አይወጣምና።

ታዲያ ይህ ፈንክሽን «ወደ ዜሮ ይጠጋል» ሲባል ምን ማለት ነው? እየቀረበ መሄዱ ብቻ አይበቃም። ድርሻው እያነሰ ሲሄድ ወደ -1ም እየቀረበ ነው፤ ነገር ግን ከ-1 ያለው ርቀት ምንጊዜም ከ1 ይበልጣል። ቁልፉ ጥያቄ ሌላ ነው። የፈለጋችሁትን ያህል ጠባብ ክፍተት ምረጡ፤ 0.000001 ይሁን። x ከ1000000 ካለፈ በኋላ ድርሻው ከዜሮ ያለው ርቀት ሁልጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ክፍተቱን የቱንም ያህል ብታጠቡት፣ ዜሮ እስካላደረጋችሁት ድረስ፣ እንዲህ የሚሆንበት x አይጠፋም። የሒሳብ ሰዎች ዜሮን የ1/x ሊሚት የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።