የ90 ደቂቃ ሰርግ በአንድ ሌሊት ኔት

የወንድሜ ሰርግ እሁድ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሪያድ ያለችው አክስቴ ደወለች። «የኔ ልጅ፣ እረፍቴ ዓርብ ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ ሙሉውን ማየት ነው የምፈልገው፤ ቁርጥራጭ እንዳትልኩልኝ» አለች። «እሺ እቴቴ፣ ለዓርብ ይደርሳል» አልኳት።

ቪዲዮውን የቀረጸው የአጎቴ ልጅ ነው፣ በስልኩ። ኤዲት ተደርጎ 90 ደቂቃ ሆነ። እኔም ኤክስፖርት የሚለውን ነካሁና አፑ ያቀረበልኝን ሴቲንግ ሳላነብ ተቀበልኩ። 11.5 ጊጋባይት ፋይል ወጣ። ሰኞ ማታ ወደ ዩቲዩብ መጫን ጀመርኩ፤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ገና 40 በመቶ ላይ እያለ መብራት ጠፋ። ከቆመበት ማስቀጠል ይቻል ነበር። ግን ሳሰላው የቀረው ብቻ 22 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ተውኩትና ወረቀት አወጣሁ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መጀመሪያ «1080p ይሁን ወይስ 720p?» ብለን እንጠይቃለን። የፋይሉን መጠን የሚወስነው ግን ሬዞሉሽን አይደለም፤ ቢትሬት ነው። ቢትሬት ማለት ለእያንዳንዱ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደብ የዳታ መጠን ነው። በሰከንድ 3 ሜጋቢት ከመደብክለት፣ 4Kም ሆነ 480p የ90 ደቂቃ ፋይል ክብደቱ ያው ነው። የሚለየው ምስሉ ምን ያህል ያምራል የሚለው ነው። ስለዚህ ስሌቱ የሚጀመረው ከጥራት ሳይሆን ካለህ ሰዓት ነው። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይሄ ተራ የበጀት ጥያቄ ነው።

የኔ በጀት እንዲህ ነበር። ሰፈራችን ኔት የሚሻለው ሌሊት ነው፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ 7 ሰዓት አለኝ። ስፒድ ቴስት ስሠራ የአፕሎድ ፍጥነቴ በሰከንድ 1 ሜጋቢት አለኝ። (የዳውንሎዱን ቁጥር አይተህ እንዳትደሰት፣ እዚህ ምንም አያደርግልህም።) ቴስቱ የሚለካው ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ 1 የሚለውን አላመንኩትም፣ 0.7 ብዬ ያዝኩ። 7 ሰዓት 25,200 ሰከንድ ነው። በ0.7 ሲባዛ 17,640 ሜጋቢት ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ማስተላለፍ የምችለው ይሄን ብቻ ነው። ቪዲዮው ደግሞ 5,400 ሰከንድ ነው። 17,640 ለ5,400 ሲካፈል በሰከንድ 3.2 ሜጋቢት ገደማ። ይሄ ጣሪያዬ ነው።

የመጀመሪያው ፋይል በሰከንድ 17 ሜጋቢት ነበር። በዚያ ፍጥነት ከ36 ሰዓት በላይ ይወስድ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፣ የፋይል መጠን ግን በሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 17,640 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 2.2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ይቺን ማካፈል የረሳ ሰው «በአንድ ሌሊት 17 ጊጋ እጭናለሁ» ብሎ ይተኛል።

ከጣሪያው ስር መጠባበቂያ ተውኩና ለምስሉ 2,800 ኪሎቢት፣ ለድምፁ 128 ኪሎቢት መደብኩ። ከድምፅ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። የ90 ደቂቃው ድምፅ በሙሉ 86 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ካልተሰማ ደግሞ እቴቴ ምን አየች ይባላል? ጠቅላላው 1.98 ጊጋባይት ሆነ፣ በ0.7 ፍጥነት 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ።

ሬዞሉሽን የመጣው አሁን ነው። 1080p ከ720p ይልቅ ሁለት እጥፍ ከሩብ የሚሆን ፒክስል አለው። ያንኑ 2,800 ኪሎቢት ለዚያ ሁሉ ፒክስል ስታከፋፍለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነው። ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ ችግር የለውም። እስክስታ ሲጀመር ግን ትከሻው ሁሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይፈርሳል። ዩቲዩብ ራሱ ለሚጫን ቪዲዮ በሰከንድ ለ1080p 8፣ ለ720p 5 ሜጋቢት ይመክራል፤ ምክር እንጂ ግዴታ ግን አይደለም። እቴቴ የምታየው በስልኳ ነው። 720p መረጥኩ።

ኮዴክ ላይ ትንሽ ተከራከርኩ፣ ከራሴ ጋር። H.265፣ HEVC የሚባለው ማለት ነው፣ ከH.264 ጋር ተቀራራቢ ጥራት ይዞ ፋይሉን በሲሶ፣ አንዳንዴም በግማሽ ያሳንሳል። ሲሶው ከተቀነሰ ፋይሉ 1.3 ጊጋባይት ይሆንና ከአፕሎዱ 2 ሰዓት ገደማ አተርፋለሁ። ነገር ግን የኔ አሮጌ ላፕቶፕ በH.265 በሰከንድ የሚሠራው 6 ፍሬም ብቻ ነበር። ቪዲዮው በሰከንድ 30 ፍሬም ስለሆነ በጠቅላላው 162,000 ፍሬም ነው። ስታካፍለው 7 ሰዓት ተኩል ኤክስፖርት። 2 ሰዓት ለማትረፍ 7 ሰዓት ተኩል፣ ያውም መብራት በሚጠፋበት ቤት! በH.264 አስኬድኩት።

የእናንተ ሒሳብ ሌላ ሊሆን ይችላል። ብዙ አዳዲስ ስልኮች HEVCን በቺፕ ስለሚሠሩት ይፈጥናል፤ ወደ ዩቲዩብ የሚሄድ ከሆነ ያን ምረጡ። ዩቲዩብ የላካችሁትን ሁሉ መልሶ በራሱ ስለሚቀይረው የተመልካቹ ስልክ ችግር አይገጥመውም። በቴሌግራም እንደ ፋይል የምትልኩ ከሆነ ግን ተቀባዩ ራሱ ያንን ፋይል ነው የሚከፍተው፣ አሮጌ ስልክ ላይ እንቢ ሊል ይችላል። እዚያ H.264 ይሻላል። ነፃው ቴሌግራም ደግሞ ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም።

የተጠቀምኩት HandBrake የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። Constant Quality የሚለውን ትቼ Avg Bitrate ላይ 2800 ጻፍኩ። የመጀመሪያው ጥራቱን ይጠብቅልሃል እንጂ ፋይሉ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ አይነግርህም። ስልክ ላይ ያለው አፕ ቢትሬት የማያስመርጥ ከሆነም መላ አለው፦ አንድ ደቂቃ ቆርጣችሁ ኤክስፖርት አድርጉ፣ መጠኑን አይታችሁ በ90 አባዙ። የምትቆርጡት ደቂቃ ግን ጭፈራው ያለበት ይሁን። ሰው ቆሞ ከሚናገርበት ከቆረጣችሁ ቁጥሩም ምስሉም ያታልላችኋል። እኔም ሙሉውን ከመልቀቄ በፊት የእስክስታውን 30 ሰከንድ አውጥቼ በስልክ አየሁት። ትንሽ ይደበዝዛል፣ ግን አይፈርስም።

ከማታው በፊት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ስልክ ቁጥሩ ያልተረጋገጠ የዩቲዩብ አካውንት ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ አይቀበልም። ይሄን ሌሊት ላይ ማወቅ ያናድዳል፤ ቀን ጨርሱት።

ረቡዕ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ለቀቅኩት። ሌሊት አንዴ ኔት ተቋርጧል፤ ያንኑ ፋይል መልሼ ስመርጥ ከቆመበት ቀጠለ። ዩቲዩብ ይሄን የሚፈቅደው በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ፋይሉም ያው መሆን አለበት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ40 ላይ አለቀ።

ዓርብ ማታ እቴቴ ደወለች። ስለ ጥራቱ ምንም አላለችም። «ያቺ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረችው የማን ልጅ ናት?» ብላ ነው የጀመረችው። ዋናው 11.5 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ተቀምጧል፣ ስትመጣ ትወስደዋለች።