ክላምፑ የሚያየውና ቆጣሪው የሚቆጥረው

ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አጋሮ፣ አንድ ቡና አምራች ቤተሰብ ቤት ገብቼ የክርክር መሐል ደረስኩ። አንድ ኤሌክትሪሺያን የቤቱን ፍሪጅ በክላምፕ ሜትር ለክቶ 0.9 አምፔር አግኝቷል። በ220 ቮልት አባዝቶ 198 ዋት አለ። ይህንኑ በ24 ሰዓት ሲያባዛው በቀን 4.75 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። የቤቱ እመቤት በድንጋጤ ፍሪጁን ሊሸጡት ተነሡ። «ልጄ፣ ይህን ያህል የሚበላ ከሆነስ ካርድ እየሞላሁ የምቀልበው ምን አድርጎልኝ ነው?» አሉኝ።

የኤሌክትሪሺያኑ መሣሪያ አልተሳሳተም፤ ሽቦው ውስጥ የሚያልፈው በርግጥም 0.9 አምፔር ነው። ስህተቱ ያለው ከዚያ በኋላ በተደረገው ማባዛት ውስጥ ነው።

ክላምፕ ማለት ሁለት መንጋጋ ያለው የብረት ቀለበት ነው። መንጋጋውን ከፍተው ሽቦውን መሐሉ ያስገቡና ይዘጉታል፤ ሽቦ መቁረጥም ልባሱን መላጥም አያስፈልግም። በሽቦው ውስጥ የሚመላለሰው ተለዋዋጭ ጅረት ዙሪያውን መግነጢስ ይፈጥራል፤ ቀለበቱ ያን መግነጢስ ይሰበስበዋል፤ በቀለበቱ ላይ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦም ወደ ትንሽ ጅረት ይመልሰዋል። በብዛት ከሚገኙት አንዱ SCT-013-000 የተባለው ሴንሰር 2000 ዙር የተጠመጠመ ነው፤ ዋናው ሽቦ 100 አምፔር ሲሸከም እሱ 50 ሚሊአምፔር ያወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የፍሪጅን ገመድ እንዳለ በክላምፑ ቢቆነጥጡት የሚታየው ዜሮ ነው። በገመዱ ውስጥ በፌዙ የሚሄደውና በኒውትራሉ የሚመለሰው ጅረት እኩል ስለሆኑ መግነጢሳቸው ይጠፋፋል። ስለዚህ መንጋጋው ውስጥ መግባት ያለበት ፌዙ ብቻ ነው። ለዚህ የሚሆን አጭር ማራዘሚያ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ የውጭውን ልባስ ብቻ በጥንቃቄ ገልጦ የውስጥ ሽቦዎቹን መለያየት ነው። የእያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ልባስ መነካት የለበትም። እኔ በያዝኩት ማራዘሚያ ላይ ፌዙ አምስት ጊዜ እንዲዞር አድርጌያለሁ። 100 አምፔር እንዲለካ የተሠራ ሴንሰር አንድ አምፔር ገደማ ላይ ደካማ ነው፤ ሽቦው አምስቴ ሲዞርበት ግን 4.5 አምፔር ያያል፤ ውጤቱን ለአምስት ማካፈል ነው።

አሁን ወደ ማባዛቱ እንመለስ። የቤታችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ቮልቱ ሽቅብ ሲወጣ ጅረቱም አብሮት ከወጣ፣ ሲወርድም አብሮ ከወረደ፣ ቮልትን በአምፔር ማባዛት ትክክለኛውን ዋት ይሰጣል። የእንጀራ ምጣድ እንዲህ ነው፤ የሚሞቅ ሽቦ ብቻ ስለሆነ የመጣለትን ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሞተር ግን ጥቅል ሽቦ አለው። ጥቅሉ መግነጢስ ለመሥራት ኃይል ይወስድና በዚያችው ቅጽበት ውስጥ መልሶ ወደ መስመሩ ይለቀዋል። ጅረቱም ከቮልቱ ኋላ ይቀራል።

ነገሩን የቡና ገበያ አድርጌ ነው የማስረዳው። አንድ ነጋዴ አሥር ጆንያ ቡና በበቅሎ ጭኖ ገበያ ይወጣል፤ ስድስቱ ይሸጣሉ፣ አራቱ ተጭነው ይመለሳሉ። በቅሎዎቹ የተሸከሙት አሥሩንም ነው፤ ገንዘብ የሆነው ግን ስድስቱ ነው። ምሳሌው በሁሉም ነገር ልክ አይደለም፤ የሞተሩ ምልልስ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ይካሄዳል፣ የሁለቱ ድምርም እንደ ጆንያ በቀላሉ የሚደመር አይደለም። ዋናውን ነገር ግን ያሳያል። የተሸጠው እውነተኛ ኃይል ነው፤ መለኪያው ዋት ነው። በመንገድ ላይ የተጫነው ሁሉ የሚታየው ኃይል ነው፤ መለኪያው ቮልት አምፔር ነው። ጄኔሬተርና ትራንስፎርመር ላይ ኬቪኤ ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው። እውነተኛው ለሚታየው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ደግሞ፣ ማለትም ዋት ለቮልት አምፔር ሲካፈል፣ ፓወር ፋክተር ይባላል።

ክላምፕ ብቻውን የሚያየው ጭነቱን ነው፤ ስንቱ ተሽጦ ስንቱ እንደተመለሰ ሊያውቅ አይችልም። የቤት ቆጣሪ ግን ቮልቱንና ጅረቱን አንድ ላይ እየተከታተለ የተሸጠውን ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ዳኛው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

የካርድ ቆጣሪው ፊት ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አጠገቧ የተጻፈውን ቁጥር አነበብን፤ 1000 imp/kWh ይላል። መብራቷ 1000 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው። በቤቱ ያለውን ሁሉ አጠፋን፣ የስልክ ቻርጀር ሳይቀር ነቀልን፣ ፍሪጁን ብቻ ተውን። ሞተሩ መሥራት ሲጀምር ሰዓት ይዘን ቆምን። ከአንዱ ብልጭታ እስከ ቀጣዩ 30 ሴኮንድ ሆነ። ስሌቱ አጭር ነው፦

```
P = 3600000 / (imp × T)
P = 3600000 / (1000 × 30) = 120 W
```

የኤሌክትሪሺያኑ 198 እውነት ቢሆን ኖሮ መብራቷ በየ18 ሴኮንዱ ብልጭ ትል ነበር። ስለዚህ 198 የሚታየው ኃይል ነው፤ እውነተኛው 120 ዋት ነው፤ ፓወር ፋክተሩም 0.6 ገደማ ነው። ሌላም ስህተት ነበር፤ የፍሪጅ ሞተር ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ ቀዝቅዞ ሲጠግብ ያርፋል። በቀን ተደምሮ አሥር ሰዓት ቢሠራ የሚወስደው 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እመቤቲቱን ያስደነገጣቸው ቁጥር ከዚህ አራት እጥፍ ገደማ ነበር።

ከዚያ ምጣዱን ለካነው። ክላምፑ 15.9 አምፔር አሳየ፤ በ220 ሲባዛ 3500 ይመጣል። የቆጣሪው መብራትም በሴኮንድ አንዴ ገደማ ብልጭ አለች፤ ይህም 3500 ዋት ገደማ ነው። ሁለቱ ተስማሙ። ለምጣድ፣ ለውሃ ማፍያና ለካውያ ክላምፕ ብቻውን ይበቃል የምለው ለዚህ ነው።

ይበቃል ስል ግን ቮልቱ 220 ከሆነ ነው። ከጅማ ብዙ በማይርቀው ግልገል ጊቤ አንድ ላይ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ አለ፤ ሆኖም ከትራንስፎርመር ርቆ በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ቤት፣ ምጣድ በሚበዛበት ሰዓት መብራቱ ሲደክምበት ያያል። በዚያን ጊዜ ቮልቱ 190 ወርዷል እንበል። የዚያው ምጣድ ጅረት ወደ 13.7 አምፔር ይወርዳል፤ እውነተኛ ኃይሉም 2610 ዋት ገደማ ይሆናል፤ እንጀራው የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ቮልቱን ሳይለካ በ220 የሚያባዛ ሰው ግን 3020 ዋት ይላል። ስለዚህ ክላምፑን በያዙበት ጊዜ ቮልቱንም በመልቲሜትር ማየት ግድ ነው።

ሁለቱንም ያለማቋረጥ የሚከታተል መለኪያ በቤት መሥራት ይቻላል፤ ጅማ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ልጆች በአርዱይኖ ቢሞክሩት ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ክላምፑ በ33 ኦም ሬዚስተር ላይ ጅረቱን ወደ ቮልት ይለውጣል፤ ትንሽ የኤሲ አዳፕተር ደግሞ የግድግዳውን ቮልት አሳንሶ ያቀርባል። ሬዚስተሩ ሳይገጠም ክላምፑን ሥራ ላይ ባለ ሽቦ ላይ መዝጋት አይገባም፤ በክፍት ጫፎቹ ላይ ከፍተኛ ቮልት ሊፈጠር ይችላል። EmonLib የተባለው ላይብረሪ ስሌቱን እንዲህ ይሠራል፦

```
emon1.current(1, 60.6);
emon1.calcVI(20, 2000);
float w  = emon1.realPower;
float va = emon1.apparentPower;
```

60.6 የተገኘው 2000 ዙር ለ33 ኦም ሲካፈል ነው። የአዳፕተሩን ልክ የሚነግረው `emon1.voltage` የሚባለው መስመር ከነዚህ በፊት መጻፍ አለበት፤ ቁጥሩ ግን ከአዳፕተር አዳፕተር ስለሚለያይ በመልቲሜትር እያመሳከሩ ማስተካከል ያስፈልጋል። ላይብረሪው በእያንዳንዷ ቅጽበት ቮልቱን በጅረቱ አባዝቶ አማካዩን ይወስዳል። ኃይሉ ወደ መስመሩ ሲመለስ ብዜቱ ከዜሮ በታች ስለሚሆን፣ የተመለሰው ጆንያ በራሱ ጊዜ ይቀነሳል።

የዚህ መለኪያ ዋና ጠላት በክላምፑ ውስጥ የሚፈጠር ትንሽ የጊዜ መዛነፍ ነው። ሦስት ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ ምጣድ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም፤ ያ ፍሪጅ ላይ ግን ከመቶ ሰባት ያህል ስህተት ያመጣል። ምርመራው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ምጣዱን ብቻ ያብሩ። ዋቱና ቮልት አምፔሩ እኩል ካልሆኑ፣ መለኪያው ገና አልተስተካከለም፤ እኩል ቢሆኑም ፍሪጁን ብቻ አብርተው ዋቱን ከቆጣሪው ብልጭታ ጋር ያመሳክሩ። ንባቡ በድንገት ዝቅ ካለ ደግሞ መንጋጋውን ይዩ። ቡና በሚፈለፈልበት ግቢ ውስጥ አቧራና ገለባ መንጋጋው መሐል ገብቶ በደንብ እንዳይገጥም ያደርገዋል፤ ፀጉር የምታክል ክፍተት እንኳ ቁጥሩን ታሳንሰዋለች። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

እነዚያ የተመለሱ ጆንያዎች ቤት ውስጥ ሒሳብ ባይጠየቅባቸውም መንገዱን ያጣብባሉ። ይህ ጎልቶ የሚታየው ቡና መፈልፈያው ላይ ነው። 7.5 ኪሎዋት የሆነ የሦስት ፌዝ ሞተር ቡና ሳይገባበት ባዶውን ሲዞር፣ በእያንዳንዱ ፌዝ ስድስት አምፔር ቢወስድ፣ በ380 ቮልት የሚታየው ኃይል አራት ኬቪኤ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ፓወር ፋክተሩ 0.2 ድረስ ሊወርድ ስለሚችል እውነተኛው 0.8 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ይሆናል። ሽቦው፣ ብሬከሩና ጄኔሬተሩ የሚሞቁት ግን በአምፔሩ ልክ ነው። ቡናው ሲገባበት ጅረቱ ወደ 15 አምፔር ያድጋል፤ የሚታየው ኃይልም ወደ አሥር ኬቪኤ ይደርሳል። ሞተሩ በቀጥታ ሲነሣ ደግሞ ለጥቂት ሴኮንዶች ከዚህ አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለመፈልፈያ ጄኔሬተር የምትገዙ ሰዎች፣ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ኪሎዋት አይታችሁ ብቻ ገንዘብ አትክፈሉ። ሞተሩ ሲነሣም፣ ሲሠራም ፌዙን በክላምፕ አስለኩና፣ በአምፔሩ የወጣውን ኬቪኤ ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ።