የአረፋ ማዕድ በውጭ አገር፦ አዳራሹን ለየትኛው ቀን እንያዝ?

በሸዋሮቢትና በይፋት ቆላ የአረፋ ማዕድ ከኢድ ሶላት መልስ ከጎረቤት ጋር ይበላል። በውጭ የሚኖሩ የአካባቢው ልጆች ግን ኢዱ የሥራ ቀን ላይ ሲውል ይቸገራሉ፤ አዳራሽም ቀድሞ መያዝ አለበት።

የ2017 ዓ.ም. አረፋ ግንቦት 29፣ አርብ ዋለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቅዳሜን መያዝ ይሻላል። የዙልሒጃ ጨረቃ የሚታወቀው ኢዱ አሥር ቀን ገደማ ሲቀረው ነው፤ ኢዱ በአንድ ቀን ቢገፋ ቅዳሜ ራሱ ኢድ ይሆናል። ባይገፋም ቅዳሜ የተሽሪቅ ቀን ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተሽሪቅን ቀናት የመብላት፣ የመጠጣትና አላህን የማውሳት ቀናት ብለዋቸዋል። በኢድ አልፈጥር ግን በማግስቱ የሸዋልን ስድስት ቀን መጾም የሚጀምሩ አሉ፤ ስለዚህ ማዕዱን ከመግሪብ በኋላ እናድርገው።

ምግቡን ሳንከፋፍል ከቀረን ሁሉም ወጥ ይዞ ይመጣና እንጀራ ያጥራል። ለምሳሌ 20 ቤተሰብ፣ 80 ሰው ቢሆን 120 እንጀራ ይበቃል፤ አሥር ቤተሰቦች 12፣ 12 ያምጡ። ሥጋውን ከአንድ ሐላል ሥጋ ቤት በጋራ ገዝተን ሦስት ቤት ይሠራ፤ የቀሩት ሰባቱ ሰላጣ፣ ማሾ ወጥና መጠጥ ይያዙ።

አዳራሹን ስንከራይ ለዝግጅትና ለጽዳት አንድ አንድ ሰዓት እንጨምር። ፕሮግራሙ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፦ ዙህር በጀመዓ፣ የልጆች ቁርኣን፣ የአባቶች ዱዓ። በዋሽንግተን ቀን 7 ሰዓት ሲሆን ሸዋሮቢት ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ ለቤተሰብ መደወያው ያኔ ነው።