በሰያፍ የተቆረጠ ሸማ አወራረድና አሰፋፍ

በወልድያም ሆነ በሀብሩ ወረዳ በመርሳ ልብስ ሰፊው የሚረከበው ሸማ በድርና በማግ የተሠራ ነው። የቀሚሱ ቁመት የድሩን አቅጣጫ ተከትሎ ሲቆረጥ ክብደቱን የሚሸከሙት ቀጥ ብለው የወረዱት የድር ክሮች ናቸው። የጥጥ ክር በቀላሉ ስለማይለጠጥም ጨርቁ ቅርጹን ይጠብቃል።

በ45 ዲግሪ ሰያፍ ሲቆረጥ ግን ክሮቹ ሳይረዝሙ መገናኛቸው ላይ ይዞራሉ። ጨርቁ ላይ ጎኑ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ በድርና በማጉ አቅጣጫ ቢሠመር፣ ሲሰቀል የላይኛው ማዕዘን ከ90 ወደ 80 ዲግሪ ቢጠብ፣ ከላይ እስከ ታች ማዕዘን ያለው ርዝመት ከ14.1 ወደ 15.3 ሴንቲሜትር ያድጋል፤ ወርዱም ወደ 12.9 ይቀንሳል። ሰያፍ ቅድ ሰውነትን ተከትሎ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ላላ ብሎ የተሸመነ ሸማ ላይ ለውጡ ይጎላል።

በስፌት ጊዜ ጨርቁ ከጠረጴዛው ጠርዝ መንጠልጠል የለበትም። ከሥሩ ስስ ወረቀት ተደርጎ፣ ሳይሳብ፣ በጠባብ ዚግዛግ ይሰፋል፤ ወረቀቱ በኋላ ይነጠላል። የተሰፋው ሲዘረጋ መስመሩ ከተወዛወዘ በስፌት ጊዜ ተለጥጧል ማለት ነውና ተፈትቶ ይሰፋል። በመጨረሻም ቀሚሱ 24 ሰዓት ያህል ተሰቅሎ ከቆየ በኋላ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ እኩል ተለክቶ ይቀመቀማል፤ አስቀድሞ ከተቀመቀመ በሰያፍ የወረደው ክፍል ብቻ ረዝሞ ጠርዙን ያዛባዋል።