መሃሉን ማንሳት፦ ከተደረደረ ዝርዝር የተመጣጠነ ዛፍ እንዴት ይሠራል?

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ። አሥሩ ፊደሎች ሁላችንም በምናውቀው ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ኮምፒውተር እነዚህን ፊደሎች እንዲይዝልን፣ በኋላም ስለ አንዱ ስንጠይቀው ቶሎ እንዲያገኘው እንፈልጋለን እንበል። ለዚህ ከሚያገለግሉት አደረጃጀቶች አንዱ የፍለጋ ዛፍ ይባላል።

ይህ ዛፍ የሚሳለው ተገልብጦ ነው፤ ሥሩ ከላይ፣ ቅርንጫፎቹ ከታች ናቸው። እያንዳንዱ መገናኛ፣ ፕሮግራመሮች ኖድ የሚሉት፣ አንድ ፊደል ይይዛል። ከኖዱም ቢበዛ ሁለት ቅርንጫፎች ይወርዳሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ በቅደም ተከተል ከኖዱ የሚቀድሙት ሁሉ በግራው፣ የሚከተሉት ሁሉ በቀኙ ይቀመጣሉ። ፈላጊው ከሥሩ ይነሳል፤ የያዘውን ፊደል ከኖዱ ጋር ያወዳድርና ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይወርዳል። ድካሙ የሚለካው በወረደባቸው እርከኖች ብዛት ስለሆነ ዛፉ አጭር ሲሆን ፍለጋው ይፈጥናል።

ችግሩ ሕጉ ብቻውን ዛፉን አጭር አለማድረጉ ነው። ፊደሎቹን ከሀ ጀምረን በተራ ብናስገባቸው ሀ ሥር ይሆናል፤ ለ ከእሱ በኋላ ስለሚመጣ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ሐ ደግሞ ከለ ቀኝ ይቀመጣል፤ እንዲህ እያለ እስከ በ ይደርሳል። ሕጉ አልተጣሰም፤ የተገኘው ግን ግራ ቅርንጫፍ የሌለው፣ አሥር እርከን ያለው ሰንሰለት ነው። በን ለማግኘት አሥር ጊዜ ማወዳደር ያስፈልጋል። ሰው ውሂቡን አስቀድሞ ደርድሮ ማቅረቡ ሥራ የሚያቃልል ይመስለዋል፤ በተራ ለሚያስገባ ፕሮግራም ግን የተደረደረ ውሂብ ከሁሉ የከፋው ነው።

መፍትሔው ፊደሎቹን ሳይነኩ የሚመረጡበትን ተራ መቀየር ነው። ፕሮግራመሮች አሬይ በሚሉት ዝርዝር ውስጥ ቦታዎች ከ0 ጀምሮ ስለሚቆጠሩ የኛ አሥር ፊደሎች ከ0 እስከ 9 ያለውን ቦታ ይይዛሉ። የ0 እና የ9 መካከል 4.5 ነው፤ ክፍልፋዩን ጥለን 4ን እንወስዳለን። በ4ኛው ቁጥር ላይ ያለው ሠ ነው፤ ሥሩ እሱ ይሁን። ከሠ በፊት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ቀሩ፤ ከሠ በኋላ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ ቀሩ። አሁን በሁለቱም ወገን ያንኑ ሥራ እንደግማለን። የግራው ወገን መካከል ለ ነው፤ የቀኙ ሸ ነው። ለ ከተነሳ በኋላ በግራው ሀ ብቻውን፣ በቀኙ ሐ እና መ ይቀራሉ። ሸ ከተነሳ በኋላ ደግሞ በአንድ ወገን ረ እና ሰ፣ በሌላው ቀ እና በ ይቀራሉ። ከሁለት ፊደሎች መካከል የፊተኛውን ስለምንወስድ መ ከሐ፣ ሰ ከረ፣ በ ከቀ በስተቀኝ ይንጠለጠላሉ።

የተሠራው ዛፍ አራት እርከን ብቻ አለው። በመጀመሪያው ሠ፣ በሁለተኛው ለ እና ሸ፣ በሦስተኛው ሀ፣ ሐ፣ ረ እና ቀ፣ በአራተኛው መ፣ ሰ እና በ አሉ። አሁን በን ለማግኘት ሠን፣ ሸን፣ ቀንና በን ራሱን አልፈን በአራት ማወዳደር እንደርሳለን። አሥሩንም ፊደሎች አንድ አንድ ጊዜ ብንፈልጋቸው ሰንሰለቱ 55 ማወዳደር ይጠይቃል፤ ይህ ዛፍ 29 ይበቃዋል። ዝርዝሩ ሲረዝም ልዩነቱ ይሰፋል። አንድ ሚሊዮን ነገር የያዘ ሰንሰለት እስከ አንድ ሚሊዮን እርከን ሲወርድ፣ መሃል እየተመረጠ የተሠራው ዛፍ ቁመት 20 ነው።

ሚዛኑ የተጠበቀው በዕድል አይደለም። መካከሉ ሲነሳ በግራና በቀኝ የሚቀሩት በቁጥር እኩል ናቸው፤ ካልሆኑም የሚበላለጡት በአንድ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ወገን ቁመት የሚወሰነው ደግሞ በውስጡ ባሉት ብዛት እንጂ በምንነታቸው አይደለም። አንድ ነገር መጨመር ቁመቱን ከአንድ እርከን በላይ ሊያሳድገው ስለማይችል የሁለቱ ወገኖች ቁመት ቢበዛ በአንድ ይለያያል። ይህ በሥሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ኖድ ላይ እውነት ነው፤ በሁሉም ቦታ የተሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነውና።

በፓይተን ሲጻፍ አጭር ነው፤ `Node` አንድ ፊደልና ሁለት ቅርንጫፎች የሚይዝ ዕቃ ነው።

```python
def build(a, lo, hi):
    if lo > hi:
        return None
    mid = lo + (hi - lo) // 2
    node = Node(a[mid])
    node.left = build(a, lo, mid - 1)
    node.right = build(a, mid + 1, hi)
    return node
```

ሥራው ራሱን መልሶ እየጠራ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚቀር ነገር ሲያጣ፣ ማለትም `lo` ከ`hi` ሲበልጥ፣ ያቆማል። ዝርዝሩን በየደረጃው እየቆራረጠ አይገለብጥም፤ የሚያቀብለው የመነሻና የመድረሻ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ ያነሳል።

`mid`ን ለማግኘት ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ይቀል ነበር። በፓይተን ያም ይሠራል። በጃቫ ግን ተራ ኢንቲጀር ከ2,147,483,647 በላይ መያዝ ስለማይችል በጣም ረጅም ዝርዝር ላይ ድምሩ ሞልቶ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። በ2006 ጆሹዋ ብሎክ ይህ ስህተት በራሱ በጃቫ ላይብረሪ የፍለጋ ኮድ ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ መቆየቱን ጽፏል። ልዩነቱን አካፍሎ በመነሻው ላይ መደመር ከዚህ ያድናል።

ሌላው የተለመደ ስህተት `mid - 1` በሚለው ፋንታ `mid` መጻፍ ነው። ያኔ አንድ ፊደል ብቻ ሲቀር ሥራው ያንኑ ፊደል ለራሱ መልሶ ያቀብላል፤ መቆሚያም ያጣል። ፓይተን ወደ 1,000 ጥሪ ሲጠጋ `RecursionError` ብሎ ያስቆመዋል። ለሚሊዮን ነገር እንኳ ጥልቀቱ ከሃያ ብዙም ስለማያልፍ ይህ መልእክት ከመጣ የሚመረመረው ኮዱ እንጂ የውሂቡ ብዛት አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ድምፅ የማያሰማው ስህተት ነው፤ ዝርዝሩ በትክክል ሳይደረደር ሲቀር። ሐ እና ሰ ቦታ ተለዋውጠው ቢገቡ ዛፉ ያው አራት እርከን ይኖረዋል፤ ቅርጹም አይዛነፍም። ሐን ስንፈልግ ግን ከሠ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሰ እንወርዳለን፤ ሐ ከሰ ስለሚቀድም ወደ ግራ ስንዞር ባዶ እናገኛለን። ዛፉ ሐን ይዞ ሳለ «የለም» ይላል። ማረጋገጫው ዛፉን በየኖዱ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ራሱን፣ ከዚያ ቀኙን እያነበቡ መዝለቅ ነው። የሚወጣው ዝርዝር አንድ ቦታ ላይ እንኳ ወደ ኋላ ከተመለሰ ግብዓቱ አልተደረደረም ማለት ነው።

ዘዴው ወሰን አለው፤ ሚዛኑን የሚሰጠው በግንባታ ጊዜ ብቻ ነው። በዛፋችን ላይ ቀጣዩን ፊደል ተ ብንጨምር ከበ በስተቀኝ ይገባል። ያኔ የቀ ግራ ባዶ ሆኖ ሳለ ቀኙ ሁለት እርከን ይሆናል፤ በአንድ ጭማሪ ሚዛኑ ተዛነፈ። አዲስ ነገር ሲገባና ሲወጣ ሚዛኑን የሚያስተካክል ዛፍ በ1962 ያቀረቡት የሶቪየት ሊቃውንት ጆርጂ አደልሰን-ቬልስኪ እና ዬቭጌኒ ላንዲስ ናቸው፤ በስማቸው ፊደላት ኤ-ቪ-ኤል ይባላል። በእሱ አሠራር በ ወደ ላይ ወጥቶ ቀን በግራው፣ ተን በቀኙ ይይዛል። ዝርዝሩ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ የሚያስፈልገው ይህ ነው። አንዴ ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ለፍለጋ ብቻ የሚውል ከሆነ ግን፣ ከላይ ያየነው አጭር ኮድ ያለ አንዳች ማስተካከያ ከዚያ ያጠረ ሊገኝ የማይችል ዛፍ ይሰጣል።