ሦስት የረጉ ቀለሞች፣ አንድ ደማቅ

የግመል ቀለም ያለው ሹራብ ከጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ጋር ሲለበስ የሚያምረው በአጋጣሚ አይደለም። ሠዓሊዎች በሚጠቀሙበት የቀለም ክብ ላይ ሰማያዊና ብርቱካናማ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያጎላል። የግመል ቀለም ድምቀቱ የተቀነሰ ብርቱካናማ ነው፤ ሰማያዊውም ጠቁሯል። ስለዚህ ሁለቱ ሳይጯጯሁ ይደጋገፋሉ። ግራጫ ደግሞ ወደ አንዳቸውም ስለማያደላ ከሁለቱም ጋር ይሄዳል።

ለአንድ ቢሮ ሠራተኛ እንሞክረው። ሁለት ሱሪ አለው፤ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ግራጫ። ከላይ የሚለብሳቸው ነጭ ሸሚዝ፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሹራብና የግመል ቀለም ሹራብ ናቸው። የሚደርባቸው ጥቁር ሰማያዊ ጃኬትና የግመል ቀለም ኮት ናቸው። በእነዚህ 7 ልብሶች 12 ዓይነት አለባበስ ይወጣል። እኔ ግን ከ12ቱ 3ቱን አልለብስም፤ ጥቁር ሰማያዊው ጃኬት ከጥቁር ሰማያዊው ሱሪ ጋር የሚገናኝባቸውን።

ምክንያቱም በተለያየ ጊዜ የተገዙ ሁለት ጥቁር ሰማያዊ ልብሶች እምብዛም አይመሳሰሉም። አንዱ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ሌላው ወደ አረንጓዴ፤ ወይም አንዱ በእጥበት ለቋል። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ብርሃን አንድ የመሰሉት ፀሐይ ላይ ሲወጡ ይለያያሉ፤ ለባሹም ሙሉ ልብስ ፈልጎ ያልተሟላለት ይመስላል። ጃኬት ሲገዙ ሱሪውን ይዞ መሄድና ሁለቱን ደጅ አውጥቶ በቀን ብርሃን ማየት ይህን ያስቀራል። ካልገጠሙ ጃኬቱን በግራጫው ሱሪ መልበስ ነው።

በጥቁር ሰማያዊ፣ በግራጫና በግመል ቀለም ላይ ለሚጨመረው አንድ ደማቅ ቀለም ምርጫዬ ቦርዶ ነው፤ ከሦስቱም ጋር ይስማማል፣ ጠለቅ ስለሚልም ለቢሮ አይበዛም። ቦታው ግን አንድ ይሁን፤ ሻርፕ ወይም ከረባት ወይም ቦርሳ። ሻርፑም ቦርሳውም ጫማውም ቦርዶ ከሆነ ቀለሙ ጎልቶ መታየቱ ይቀርና እንደ ደንብ ልብስ ይሆናል። የሐበሻ ቀሚስን ልብ ይበሉ፤ ጥለቱ የሚያምረው ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ስላለው ነው።

ሻርፕን የማስቀድመው ፊት አጠገብ ስለሚውል ነው። የግመል ቀለም ለብዙዎቻችን የቆዳ ቀለም ስለሚቀርብ፣ አንገት ድረስ የሚደርስ ሹራብ ሲሆን ፊትና ልብስ ይቀላቀሉና ፊት ይፈዛል። ይህን ለማወቅ መስኮት አጠገብ መስታወት ፊት ቆሞ መጀመሪያ ሹራቡን ብቻ ለብሶ ማየት፣ ከዚያ የነጩን ሸሚዝ ኮሌታ ማውጣት ወይም ቦርዶውን ሻርፕ አንገት ላይ ጣል ማድረግ ነው። ፊት ወዲያው ፈካ ካለ፣ ያንን ሹራብ ያለ ኮሌታ ወይም ያለ ሻርፕ አይልበሱት።