ወሩ ከታወቀ በኋላ የተገኘ የቲን ስህተት

አንድ ማተሚያ ቤት በታኅሣሥ ወር ለአንድ ድርጅት የ100,000 ብር ሥራ ሠራ እንበል። 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 115,000 ብር ሆነ። ሒሳቡ ተከፈለ፣ ደረሰኙ ተቆረጠ፣ የታኅሣሥ ቫትም በጥር ታወቀ። በየካቲት የገዢው ሒሳብ ሠራተኛ ደወለች። ደረሰኙ ላይ ካለው ባለ 10 አኃዝ ቲን ቁጥር ሁለቱ አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል።

ሻጩ «ቫቱን ከፍያለሁ፣ ምን ቸገረኝ?» ሊል ይችላል። እውነትም 15,000 ብሩ ለመንግሥት ገብቷል። የሚጎዳው ገዢው ነው። በግዢ የከፈለውን ቫት ከሽያጩ ቫት ላይ ለማቀናነስ ስሙና ቲን ቁጥሩ በትክክል የሰፈረበት ደረሰኝ ያስፈልገዋል። የተሳሳተው ቁጥር የሌላ ነጋዴ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ያ ሰው ያልገዛው ዕቃ በስሙ ይታያል።

ደረሰኙን በብዕር ማስተካከል አያዋጣም፤ ስርዝ ድልዝ ያለበትን ሰነድ ኦዲተር አይቀበለውም። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑም መሰረዝ አይቻልም፤ የቀኑ ዜድ ሪፖርት ከወጣ በኋላ ሽያጩ በማሽኑ ማህደረ ትውስታ ተቆልፏል።

ስለዚህ የቀድሞው ደረሰኝ ዋናው ቅጂ ከገዢው ይመለሳል። ሻጩ የደረሰኙን ቁጥርና ቀን የሚጠቅስ የ115,000 ብር ክሬዲት ኖት ያወጣል፤ ከዚያም በትክክለኛው ቲን አዲስ ደረሰኝ ይቆርጣል። ሁለቱም በየካቲት ከተመዘገቡ አንዱ 15,000 ብር ይቀንሳል፣ ሌላው 15,000 ይጨምራል፤ የወሩ ቫት አይነካም። የታኅሣሡም ድምር እንዳለ ይቆያል። ገዢው በአሮጌው ደረሰኝ ቀድሞ አቀናንሶ ከሆነ ያንን አውጥቶ በአዲሱ ይተካዋል።

ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚደገመው እዚህ ላይ ነው። ክሬዲት ኖት ሳይወጣ አዲስ ደረሰኝ ከተቆረጠ አንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይታወቃል፤ ሻጩም 15,000 ብር ደግሞ ይከፍላል። የቀድሞው ደረሰኝ ሳይመለስ ከቀረ ደግሞ ገዢው አንድ ግዢ ሁለቴ ሊያቀናንስ ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የክሬዲት ኖቱና የአዲሱ ደረሰኝ ልዩነት ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልመጣ አንዱ ሰነድ ጎድሏል።

ክሬዲት ኖት የሚወጣው በአብዛኛው ዋጋ ሲቀየር፣ ሽያጭ ሲሰረዝ ወይም ዕቃ ሲመለስ ነው። በስም ስህተት ምክንያት ሲወጣ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ለግብር ቅርንጫፉ አስቀድሞ በደብዳቤ ማሳወቅ፣ ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱንና የባንክ ማስተላለፊያውን አያይዞ ማስቀመጥ ያዋጣል። እነዚህ ወረቀቶች ከፋዩ ከመጀመሪያው ያው ድርጅት እንደነበር ያሳያሉ። ከፋዩ ሌላ ሰው ከነበረና ደረሰኙ «በእኔ ስም ይቀየርልኝ» ከተባለ ግን ጉዳዩ እርማት አይደለም፤ ሻጩ እምቢ ማለት አለበት።